ጀበና ወይም ድስት የተደፋበት ሕፃን፦ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ ሕክምና ተቋም

በትንንሽ ልጆች ላይ የሚደርሰው ቃጠሎ አብዛኛው ነበልባል ያመጣው ሳይሆን ፍል ነገር ሲደፋባቸው የሚደርስ ነው። ጀበናው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውና የሽሮ ድስቱ ወለል ላይ ወይም ለወለል በቀረበ የከሰል ምድጃ ላይ በሚቀመጥበት ቤት፣ መዳህ ወይም መራመድ የጀመረ ልጅ እጁ በቀላሉ ይደርስበታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በዋናነት የሚያተኩረው ፍል ነገር በተደፋበት ሕፃን ላይ ነው። የኤሌክትሪክ፣ የኬሚካልና የነበልባል ቃጠሎ የሚጠቀሱት አያያዛቸው ከዚህ በሚለይባቸው ነጥቦች ላይ ብቻ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ክብደቷ 12 ኪሎ የሆነ የሁለት ዓመት ልጅ ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ ተደናቅፋ ጀበናውን ትገለብጠዋለች። ቡናው ደረቷ ላይ ፈስሶ በግራ ክንዷ በኩል እስከ እጅ አንጓዋ ይወርዳል። የለበሰችው ባለ ረጅም እጅጌ ሹራብ ነው፤ አንገቷ ላይ ማተብ፣ እጇ ላይ ደግሞ አምባር አለ። የቧንቧ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ በቤት ውስጥ ያለው አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃ ብቻ ነው።

ሃያ ደቂቃ የሚያስፈልግበት ምክንያት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚፈላው ውሃ ያነሰ ሙቀት ቢሆንም ለቆዳ የሚፈይደው ነገር የለም። ስልሳ ዲግሪ የሞቀ ውሃ እንኳ የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሰኮንድ ገደማ ውስጥ በጥልቀት ሊያቃጥል ይችላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ በመሆኑ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይጎዳል። ስለዚህ ከእሳት ላይ ወርዶ ጥቂት ደቂቃ የቆየ ቡና ወይም ሻይ «በርዷል» ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ፍሉ ነገር ከቆዳው ላይ ከወረደ በኋላም ጉዳቱ አያበቃም፤ ወደ ውስጥ የገባው ሙቀት እዚያው ይቆያል። በቁስሉ መሐል ያለው ሥጋ ወዲያው ይሞታል፤ እርሱን የሚመልሰው ነገር የለም። በዙሪያው ግን ገና ያልሞተ፣ የደም ዝውውሩ እየደከመ ያለ አካል አለ፤ የመጀመሪያ ርዳታው ሁሉ የሚደረገው ለዚህ ክፍል ነው። ሙቀቱ በጊዜ ከወጣለት ይተርፋል፤ ካልወጣለት በሚቀጥሉት አንድ ሁለት ቀናት ሞቶ ቁስሉን ያሰፋዋል፣ ያጠልቀዋልም። ውሃው ሕመምን ከማስታገሥ አልፎ የጠባሳውን መጠንና ልጁ ቆዳ ተቆርጦ እንዲተከልለት ማስፈለግ አለማስፈለጉን እስከመወሰን የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈስ የላዩ ቆዳ ይቀዘቅዛል፣ ልጁም ጸጥ ሊል ይችላል፤ ከሥር ያለው ሙቀት ግን ገና አልወጣም። ልጁ ማልቀስ ማቆሙን አይተው ውሃውን አያቁሙ። ሰዓት አይተው ሃያ ደቂቃ ይሙሉ።

አንደኛ፦ ከፍሉ ነገር ማራቅና ልብሱን ማውለቅ

ልጁን ያንሱና ከምድጃው ያርቁት። ሹራብና ካልሲ ፍሉን ነገር መጥጠው ቆዳው ላይ ስለሚያቆዩት በፍጥነት መውለቅ አለባቸው። ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅም እንዲሁ ነው፤ ደረት ላይ የፈሰሰ ነገር ወደ ታች ወርዶ እዚያ ሊጠራቀም ይችላልና ሳያዩ አይለፉት። በምሳሌያችን ላለችው ልጅ ሹራቡን በራሷ በኩል ከመጎተት፣ ቡና ፊቷን እንዳይነካና ቆዳዋ አብሮ እንዳይገፈፍ ከፊት ለፊት በመቀስ ቀዶ ማውለቁ ይሻላል። መቀስ እስኪፈለግ ጊዜ የሚባክን ከሆነ ግን በሹራቡ ላይ ውሃ ማፍሰስ ይጀምሩ፤ ልብሱ ውሃው እየፈሰሰ ይወልቃል። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ካለ አይንቀሉት። ዙሪያውን ቆርጠው የተጣበቀውን ለሐኪም ይተዉት።

አምባር፣ ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና ክር ወዲያው ይወልቁ። የተቃጠለ አካል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለሚያብጥ፣ ያኔ አምባሩ አይወጣም፤ ደም ወደ ጣቶች እንዳይደርስ ያንቃል። አንገት ወይም ላይኛው ደረት ሲቃጠል ማተብም መፈታት ወይም መቆረጥ አለበት። ቤተሰብ ይህን ለማድረግ ሊሳቀቅ እንደሚችል ይታወቃል፤ ነገር ግን አንገት ሲያብጥ የሚያንቅ ክር ለሕፃን አደጋ ነው፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ መልሶ ማሰር ይቻላል።

የተደፋው ሽሮ፣ ገንፎ ወይም ወጥ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ወፍራም ምግብ እንደ ውሃ ፈስሶ አይወርድም፤ ተጣብቆ ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ዘይት ወይም ቅቤ የበዛበት ወጥ ደግሞ ከፈላ ውሃ በላይ ሊግል ይችላል። በእጅ ወይም በጨርቅ ለመጥረግ አይሞክሩ፣ ቆዳውን ይገፈዋልና፤ ውሃ ራሱ አጥቦ እንዲያወርደው ያድርጉ።

ሁለተኛ፦ ውሃውን ማፍሰስ

የሚመረጠው ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ ነው። በኃይል የሚወርድ መሆን የለበትም፤ በቁስሉ ላይ በዝግታና ሳይቋረጥ ይፍሰስ። ከማፍሰስዎ በፊት ውሃውን በራስዎ እጅ ይሞክሩት። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች በፀሐይ ላይ የዋለ ቧንቧ ወይም የውሃ ሮቶ መጀመሪያ የሚያወርደው ሙቅ ውሃ ሊሆን ስለሚችል እስኪቀዘቅዝ ድረስ ወደ ሌላ ቦታ ይልቀቁት።

ቧንቧው ካልመጣስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፤ አንድ ጀሪካን ግን ይበቃል። የተለመደው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። በአንድ ሊትር ጆግ እየቀዱ፣ አንዱን ጆግ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በቀጭኑ ቢያፈሱት፣ ውሃው ልክ ለሃያ ደቂቃ ይበቃል ማለት ነው። ልጅቷን አንድ ሰው ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይያዛት፤ ሌላው ከትከሻዋ ጀምሮ ወደ እጇ እንዲወርድ፣ ቀጥሎም በደረቷ ላይ እያፈራረቀ ያፍስስ። ከሥር የታጠበ ሳፋ ያስቀምጡ። ውሃው ካነሰ በሳፋው የተጠራቀመውን መልሶ ማፍሰስ ይቻላል። ክንድ ብቻ ከሆነ የተቃጠለው ሳፋው ውስጥ መንከርም ይሠራል፤ በዚህ ጊዜ ውሃው ለብ ሲል መቀየር አለበት።

ከዚያም ያነሰ ውሃ ብቻ ካለ ንጹሕ ጨርቅ ነክረው ቁስሉ ላይ ያድርጉ፤ ጨርቁ ወዲያው ስለሚሞቅ በየአንድ ሁለት ደቂቃው እንደገና ይንከሩት። አንዴ ተነክሮ እንደተቀመጠ የሚቀር ጨርቅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንም አያቀዘቅዝም። የሚጠጣ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ የወንዝ ወይም የኩሬ ውሃ ግን ቁስሉን ሊበክል ስለሚችል ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ አይጠቀሙበት።

ሃያው ደቂቃ ያለማቋረጥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቢቋረጥም እንኳ ተደማምሮ ይሙላ። ቃጠሎው ከደረሰ ሦስት ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ውሃ ማፍሰስ ጥቅም አለው። ስለዚህ እርስዎ ሲደርሱ አደጋው ከተከሰተ አንድ ሰዓት ቢሆነውም፣ ልጁ ቀደም ብሎ ሌላ ነገር ተቀብቶ ቢሆንም፣ አሁንም ሃያ ደቂቃ ያፍስሱ። በሩጫ ሕክምና ቦታ ለመድረስ ሲባል ውሃውን መዝለል የብዙ ቤተሰብ ስሕተት ነው። ጤና ጣቢያ ደርሶ ወረፋ የሚጠበቅበት ጊዜ ቁስሉ የሚጠልቅበት ጊዜ ነውና፣ ልጁ ደኅና እየተነፈሰና ነቅቶ እስካለ ድረስ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ መጓጓዣ ይሁን።

የሚፈራው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ሕፃኑ በጣም መቀዝቀዙ ነው። የሕፃን ሰውነት ትንሽ በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ በደጋ አካባቢ በምሽት የሚቀዳ ውሃ ደግሞ በጣም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ውሃው የሚነካው የተቃጠለውን ቦታ ብቻ ይሁን። የልጅቷ ጭንቅላት፣ ሆዷና እግሯ በደረቅ ጋቢ ይሸፈን፤ በርና መስኮት ይዘጋ። መንቀጥቀጥ ከጀመረች፣ ከንፈሯ ከገረጣ ወይም እንደ መፍዘዝ ካላት ማፍሰሱን አቁመው በደረቅ ነገር ይጠቅልሏት። ከሰውነቷ ሰፊው ክፍል የተቃጠለ ከሆነ ይህ አደጋ ስለሚብስ፣ ሃያው ደቂቃ ሳይሞላም ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል።

ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

በረዶ ወይም በረዶ የተጨመረበት ውሃ አይጠቀሙ። በረዶ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ፣ ሊተርፍ ይችል የነበረው ያ ዙሪያው ያለ ሥጋ ደም እንዲያጣ ያደርገዋል፤ ቆዳውንም በራሱ በብርድ ሊያቃጥለው ይችላል።

ለጋ ቅቤ፣ የምግብ ዘይትና ቫዝሊን ሙቀቱን ከውስጥ አፍነው ያስቀራሉ። የጥርስ ሳሙና ሲቀባ የሚሰማው ቅዝቃዜ በውስጡ ያለው የናና ቅመም የሚሰጠው ስሜት ነው እንጂ ከቆዳው ሙቀት የሚያወጣ አይደለም፤ ቁስሉን ያስቆጣዋል፣ ሲደርቅም ይጣበቃል። በኋላ ሐኪሙ የቁስሉን ጥልቀት ለማየት ያንን መፈግፈግ ይኖርበታል፤ ለልጁ ይህ ሁለተኛ ሥቃይ ነው። ሊጥና ዱቄትም እንዲሁ ይጋገራሉ። ጥሬ እንቁላል ክፍት ቁስል ላይ ተሐዋስያን ያስገባል። ጭቃ፣ አመድና ፋንድያ ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ የሚያመጣው ተሐዋስ የሚኖረው በአፈርና በእንስሳት ፋንድያ ውስጥ ነው። ጨው፣ የቡና ዝቃጭ፣ ላምባና አረቄም የሚጠቅሙት ነገር የለም።

ስለ ማርና ስለ እሬት ክርክር እንደሚነሣ ይታወቃል። ተጣርቶ ከተሐዋስያን የጸዳ ማር በአንዳንድ ሆስፒታሎች ለቁስል ሕክምና ይውላል፤ ይህ ግን ቁስሉ ከታየና ከታጠበ በኋላ በባለሙያ የሚደረግ ነው እንጂ በመጀመሪያው ሰዓት ከገበያ የተገዛ ማር ይቀባ ማለት አይደለም። እሬትም ቢሆን ቆዳው ላልተላጠና ውሃ ላልቋጠረ ቀላል ቃጠሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ካልሆነ በቀር ቦታ የለውም።

ሐምራዊው ጂቪና በፋርማሲ የሚሸጠው ነጩ የቃጠሎ ቅባት መድኃኒት በመሆናቸው ብዙ ሰው ይተማመንባቸዋል። ሐኪም ሳያየው ግን አይቀቡ። ጂቪ የቁስሉን ቀለም ይሸፍነዋል፤ ነጩ ቅባትም ላዩ ላይ ነጭ ሽፋን ይሠራል። ቃጠሎ ምን ያህል እንደጠለቀ የሚታወቀው ደግሞ በአብዛኛው በቀለሙ ነው። ጥጥም ቁስል ላይ አይደረግ፤ ጭረቱ ተጣብቆ ይቀራል። ውሃ የቋጠረውን አያፈንዱ፤ ያልፈነዳው ቆዳ ከሥሩ ያለውን ቁስል ከብክለት የሚጠብቅ ሽፋን ነው።

ከእነዚህ አንዱ አስቀድሞ ተቀብቶ ካገኙ አይደንግጡ፣ በጨርቅም አይሹት። በሃያ ደቂቃው ውሃ ራሱ ይታጠባል። የማይለቅ ከሆነ ይተዉትና ምን እንደተቀባ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሦስተኛ፦ መሸፈን፣ ሕመም ማስታገሥና ማሞቅ

ውሃው ካበቃ በኋላ ቁስሉን በማይጣበቅ ንጹሕ ነገር ይሸፍኑ። ምግብ የሚሸፈንበት ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ካለ በጣም ይመረጣል፤ አይጣበቅም፣ ሐኪሙም ሳይገልጠው ያየዋል። ከጥቅሉ ላይ የመጀመሪያውን ዙር ቆርጠው ይጣሉና ቀጥሎ ያለውን ቁስሉ ላይ በቁራጭ በቁራጭ ያንጥፉ። ክንድን ዙሪያውን አይጠምጥሙ፤ እብጠቱ ሲመጣ ያንቃልና። እጅ ብቻ ከተቃጠለ ንጹሕ አዲስ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ አንጓው ላይ ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ፕላስቲክ ከሌለ ታጥቦ የተተኮሰ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ንጹሕ ነጠላ፣ ያገለግላል። ፊት ላይ ፕላስቲክ አይደረግም።

የልጅቷ ጣቶች ተቃጥለው ቢሆን ኖሮ በየጣቶቹ መካከል ቁራጭ ጨርቅ መግባት ነበረበት፤ የተላጡ ጣቶች እርስ በርሳቸው ተነካክተው ሲድኑ ሊጣበቁ ይችላሉ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሰጣል። የልጆች መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 15 ሚሊ ግራም ነው። ልጅቷ 12 ኪሎ ስለሆነች 180 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የሚል ከሆነ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የሽሮፑ ጥንካሬ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ፣ አንዳንዱም በእጥፍ የጠነከረ በመሆኑ፣ ቁጥሩን ሳያነቡ አይስጡ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ካልሆነ አይድገሙ። ለሕፃናት አስፕሪን አይሰጥም።

ነቅታ ከሆነና የማያስመልሳት ከሆነ ጡት ወይም በጥቂት በጥቂቱ ውሃ መስጠት ይቻላል። መንገዱ ረጅም ከሆነ ደግሞ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከተራ ውሃ ይሻላል፤ ምክንያቱም ከተላጠ ቆዳ ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን ጨውም ይወጣል። ለፈዘዘ ወይም ራሱን ለሳተ ልጅ በአፍ ምንም አይሰጥም።

ሕክምና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የመጀመሪያው መለኪያ ስፋት ነው። የተጎጂው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ፣ ጣቶቹ ተጋጥመው ሲለካ፣ ከሰውነቱ ቆዳ አንድ በመቶ ያህላል። የልጁ ቃጠሎ የሚለካው በልጁ መዳፍ ነው እንጂ በእናቱ አይደለም። በምሳሌያችን ደረቷ ላይ ያለው ሦስት መዳፍ፣ ክንዷ ላይ ያለው አራት መዳፍ ቢሆን በድምሩ ሰባት በመቶ ነው። በልጅ ላይ ከአምስት በመቶ በላይ፣ በአዋቂ ላይ ከአሥር በመቶ በላይ የሆነ ቃጠሎ ሆስፒታል የሚያስፈልገው ነው፤ ስለዚህ ይህች ልጅ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። ልጁ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ከተቃጠለ ደግሞ በደም ሥር ፈሳሽ ካላገኘ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ በመጀመሪያው ሰዓት ደኅና መስሎ መታየቱ አያሳስትዎት። ከአምስት በመቶ በታች ቢሆንም እንኳ ውሃ የቋጠረው ወይም የተላጠው ቦታ ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ በጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን ውሃ የቋጠረ ማንኛውም ቃጠሎ ቢታይ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው መለኪያ ጥልቀት ነው። ቀላሉ ቃጠሎ ያማል፣ ቆዳው ግን አልተላጠም። በነጭ ቆዳ ላይ ይህ በመቅላቱ ይታወቃል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በንክኪ ይለዩት፤ ከጤናማው ወገን ጋር ሲነጻጸር ይሞቃል፣ ሲነካም ያማል። ቀጥሎ ያለው ውሃ የሚቋጥረው ሲሆን፣ ላዩ ሲላጥ ከሥሩ ርጥብና ሮዝ መልክ ያለው ቆዳ ይታያል፤ ሕመሙም ብርቱ ነው። ጥልቁ ቃጠሎ ደረቅ ነው፤ ነጭ፣ ሰም የመሰለ፣ ቡናማ ወይም የከሰለ ሊሆን ይችላል፤ ቢነካም አያምም። «አይጮኽም፣ ስለዚህ ቀላል ነው» የሚለው ግምት አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ የጠፋው ስሜት የሚያስተላልፉት ነርቮች አብረው ስለተቃጠሉ ነው። እንዲህ ያለ ቃጠሎ ትንሽም ቢሆን በሐኪም መታየት አለበት።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ፊት፣ ዓይን፣ አንገት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልትና መገጣጠሚያ ላይ የደረሰ ቃጠሎ፣ ስፋቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ለሐኪም ይቅረብ። ክንድን ወይም እግርን ዙሪያውን የከበበ ቃጠሎም እንዲሁ ነው፤ ሲያብጥ ከታች ያለውን ክፍል ደም ይነሣዋል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

ከዚህ ሌላ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ሁሉ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ላዩ ላይ የሚታየው ነጥብ ትንሽ ሆኖ ውስጡ ጡንቻና ልብ የተጎዳ ሊሆን ይችላልና። ተጎጂውን ከመንካትዎ በፊት ኃይሉን ከቆጣሪው ያጥፉ። በኬሚካል ለተቃጠለ ሰው ሃያ ደቂቃ አይበቃም፤ በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይታጠብ፤ ደረቅ ኖራ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ መጀመሪያ ይራገፍ፣ ከዚያ ይታጠብ። እሳት የያዘው ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል ወይም በጋቢና በሱፍ ብርድ ልብስ ይታፈን፤ ናይሎን ግን ይቀልጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ በጭስ መሐል የቆየ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት የታየ ወይም የአፍንጫ ጸጉሩ የተቃጠለ ሰው መተንፈሻው ሊያብጥ ስለሚችል ተቀምጦ ወዲያው ይወሰድ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ፣ በሽታው ይጋባል በሚል ፍርሃት ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ቃጠሎው እስከ አጥንት የሚጠልቀውም ለዚህ ነው። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። ፈጥነው ያንሡት።

በመንገድ ላይና ሐኪም ፊት

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይገኛል። አምቡላንሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ለውሃው የሚሆን ጊዜ ነው። ከባድ ቃጠሎ ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ አግኝቶ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል፤ በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ቃጠሎው የደረሰበትን ሰዓት ነው፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ የሚሰላው ሆስፒታል ከተደረሰበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ሰዓት ጀምሮ በመሆኑ በወረቀት ይጻፉት። ምን እንደተደፋ፣ ስንት ደቂቃ ውሃ እንደፈሰሰ፣ ምን እንደተቀባ፣ ፓራሲታሞል ስንት ሰዓት ላይ እንደተሰጠና የልጁን ክብደትም አብረው ያስፍሩ። የክትባት ካርዱን ይያዙ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ከሚሰጡት ክትባቶች ጋር አብሮ ይሰጣል፤ ያልተሟላ ከሆነ እዚያው ይነገርዎታል።

ቤት ውስጥ የሚታከም ትንሽ ቃጠሎ

ከመዳፍ ያነሰ፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ቦታዎች ውጭ የሆነ ቀላል ቃጠሎ በንጹሕ የማይጣበቅ ጨርቅ ተሸፍኖ ቤት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሆኖም ቃጠሎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ስለሚጠልቅ በሁለተኛው ቀን በጥሩ ብርሃን እንደገና ይዩት። ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ዙሪያው ካበጠ፣ መግል ወይም ሽታ ካመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

በሕፃናት ላይ ልብ የሚባል ሌላ ምልክት አለ። ቁስሉ ትንሽና ንጹሕ መስሎ ሳለ ልጁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ከያዘው፣ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣና ከፈዘዘ፣ በቁስሉ ላይ ያረፈ ተሐዋስ መርዙን ወደ ደም እየላከ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነገር ነው፤ «ጉንፋን ይሆናል» ተብሎ ሌሊቱ አይታለፍ፤ ለሐኪሙም ልጁ መቃጠሉ ይነገረው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ ቃጠሎ ጥልቅ እንደነበረ ይታወቃል፤ ብቻውን እንዲድን ከተተወ ጠባሳው ጎልቶ ይወጣል፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነም ይሸበሽባል። በክርን ወይም በጣት ላይ የሚድን ቁስል ስለሚያም ልጁ አጥፎ መያዝ ይመርጣል፤ እንደታጠፈ ከዳነ ግን አይዘረጋም። ስለዚህ የምሳሌያችን ልጅ ክንዷ ስትተኛ ተዘርግቶ እንዲውል ትራስ ይደረግላት፤ ቀን ቀን ደግሞ ፓራሲታሞል ከወሰደች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክርኗን ቀስ እያሉ ይዘርጉላት፣ መልሰውም ይጠፉላት፤ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ከሆነ ሳይቆዩ ላከማት ሆስፒታል ያሳዩዋት።